ደንብ ከሕገ መንግሥት ሲጋጭ ዳኛው ምን ያድርግ?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ሕግ አውጪው ሕግ ያውጣ፤ አስፈጻሚው ያስፈጽም፤ ዳኛውም ይፍረድ የሚለው ቃል ዘወትር ሲነገር እንሰማለን። ነገሩ በቃል ሲባል ቀላል ነው። አስቸጋሪነቱ የሚታወቀው ሦስቱ ሥልጣኖች በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ተገናኝተው ሲጋፉ ነው። ስለዚህ በደፈናው ከመናገር ይልቅ አንድ ምሳሌ አቁሜ፤ በሁለቱም ወገን ሊቀርብ የሚችለውን ክርክር ለአንባብያን ለማስረዳት አስቤአለሁ። ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አቶ እገሌ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለብዙ ዘመን ያገለገሉ ጸሐፊ ናቸው እንበል። ይህን መሥሪያ ቤት ያቋቋመው አዋጅ፤ የሠራተኞቹ አስተዳደር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ይላል። ምክር ቤቱም ደንቡን ያወጣል። ከደንቡ አንቀጾች አንዱ፤ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አንድን ሠራተኛ በሙስና ከጠረጠረውና እምነት ካጣበት፤ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል ሊያሰናብተው ይችላል፤ እንዲህ የተሰናበተ ሠራተኛም በማንኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው ሊመለስ አይችልም የሚል ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ለአቶ እገሌ ባለ ሦስት መስመር የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ምን እንዳጠፉ አልተነገራቸውም፤ መልስ ስጡ ብሎ የጠየቃቸውም የለም። እርሳቸውም በሕግ አምላክ ብለው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ደንቡን ዘርግቶ፤ ፍርድ ቤቱ ይህን ጉዳይ ለማየት ሥልጣን የለውም ሲል ተቃወመ።

ይህ ምሳሌ እንዲያው ከባዶ የተፈለሰፈ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች አስተዳደር ደንብ ቁጥር 155፤ በአንቀጽ 37 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ድንጋጌ ነበረው። አጋጣሚ ሆኖ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ደግሞ፤ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። አንዱ ሠላሳ ሰባት በሩን ይከፍታል፤ ሌላው ሠላሳ ሰባት በሩን ይዘጋል። በመካከላቸው የተቀመጠው ዳኛ ምን ማድረግ አለበት? ደንቡን ወደ ጎን ትቶ የአቶ እገሌን ክስ ይስማ ወይስ መዝገቡን አቁሞ ጥያቄውን ወደ ሌላ ቦታ ይላክ?

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ይህ ሌላ ቦታ የሚባለው ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። በብዙ አገሮች ሕገ መንግሥትን የመተርጐም ሥልጣን የፍርድ ቤት ወይም ለዚሁ የተቋቋመ ልዩ ፍርድ ቤት ነው። በእኛ አገር ግን የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይህም ምክር ቤት የብሔሮች፤ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፖለቲካ ጉባኤ እንጂ የዳኞች ችሎት አይደለም። ጉዳዩን አስቀድሞ የሚመረምርለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። አጣሪ ጉባኤው 11 አባላት አሉት፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፤ 6 የሕግ ባለሙያዎችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወከሉ 3 ሰዎች ናቸው። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልጋል ብሎ ካመነ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ አያስፈልግም ካለ መዝገቡን ለፍርድ ቤቱ ይመልሳል። በዚህ ቅር ያለው ባለጉዳይ ይግባኙን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል።

እንግዲህ በመጀመሪያ፤ ዳኛው ራሱ ይወስን የሚለውን ወገን እንስማ። ይህ ወገን የሚነሣው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ነው። ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ሕግ ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም ተብሎ ተደንግጓል። አንቀጽ 13 ደግሞ በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ፤ በየደረጃው የሚገኙ የዳኝነት አካላትም ጭምር እንዳለባቸው ይናገራል። አንቀጽ 37 ያለው በዚሁ በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። ታዲያ ዳኛው ይህን መብት አስከብር ተብሎ ታዝዞ ሳለ፤ መብቱን የሚነካ ደንብ በፊቱ ሲቀርብ እጁን የሚያጣጥፍ ከሆነ ማስከበር ማለት ምን ማለት ነው? ብለው ይጠይቃሉ።

ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃቸው ግን አንቀጽ 84 ነው። ይህ አንቀጽ ወደ አጣሪ ጉባኤው የሚሄደውን ጉዳይ ሲገልጽ፤ በአማርኛው ቅጂ የሚናገረው በፌዴራልና በክልል ሕግ አውጪ አካላት ስለሚወጡ ሕጎች ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ ግን የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ ብቻ ብሎ ያልፋል፤ ማን እንዳወጣው አይለይም። ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ የሚጸናው የአማርኛው መሆኑን የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ አንቀጽ፤ አንቀጽ 106፤ ወስኖታል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደግሞ አስፈጻሚ እንጂ ሕግ አውጪ አይደለም። ደንብ የሚያወጣውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥልጣን ሲሰጠው ነው። ስለዚህ ይላሉ፤ አዋጅ ከሆነ ወደ ጉባኤው ይሂድ፤ ደንብ ከሆነ ግን የአስፈጻሚው ሥራ ስለ ሆነ፤ የአስፈጻሚውን ሥራ መመርመር ደግሞ የፍርድ ቤት ተፈጥሮአዊ ተግባር ስለ ሆነ፤ ዳኛው ራሱ ይቁረጠው።

ይህን የመሰለ ልዩነት በሌላ አገርም ይገኛል። በጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 100 መሠረት፤ አንድ ተራ ፍርድ ቤት በፓርላማ የወጣ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ይቃረናል ብሎ ካመነ ራሱ ሊሽረው አይችልም፤ መዝገቡን አቁሞ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ መላክ አለበት። አስፈጻሚው ያወጣው ደንብ ከሆነ ግን ዳኛው በያዘው ጉዳይ ላይ ደንቡን ሳይሠራበት ሊፈርድ ይችላል። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ተከራክሮ ያጸደቀውን ሕግ አንድ ዳኛ ብቻውን እንዲጥለው መፍቀድ ሕግ አውጪውን ማዋረድ ይሆናል። ደንብ ግን ከካቢኔ ክፍል የሚወጣ ስለ ሆነ ይህን ያህል ክብር አይገባውም።

አሁን ደግሞ መዝገቡ ይላክ የሚለውን ወገን እንስማ። የእነርሱ መነሻ አንቀጽ 83 ነው። ሕገ መንግሥታዊ ክርክር ሲነሣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ ያገኛል ይላል እንጂ፤ የደንብ ሲሆን በዳኛ፤ የአዋጅ ሲሆን በምክር ቤት ብሎ አልከፈለውም። አንቀጽ 62ም ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው ሲል ደንብንና አዋጅን አይለይም። ደንቡ ከአንቀጽ 37 ጋር ይጋጫል ብሎ ለመወሰን ዳኛው አስቀድሞ አንቀጽ 37 ምን ማለት እንደ ሆነ መወሰን ግድ ይሆንበታል። ይህ ትርጉም ካልሆነ ትርጉም ምንድን ነው? ብለው ይጠይቃሉ።

ከቃሉም አልፈው ወደ ዓላማው ይገባሉ። ሕገ መንግሥቱ በመግቢያው የብሔሮች፤ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳን ደግሞ የሚተረጎመው በተዋዋዮቹ ነው እንጂ በተሾመ ዳኛ አይደለም። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ በአንድ ከተማ ደንቡን ሲጥለው ሌላው በሌላ ከተማ ቢያጸናው፤ አንዱ ሠራተኛ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ባልንጀራው በዚያው ደንብ ከደጅ ይቀራል። ደግሞም የመላኩ መንገድ ከንቱ ድካም አይደለም ሲሉ ምሳሌ ይጠቅሳሉ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 የአንዳንድ ባለሥልጣኖች የወንጀል ክስ በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲታይ ያዝ ነበር። ክሱ ከላይ ከተጀመረ ግን የይግባኝ መብት ይቀራል። ይህ ጥያቄ በአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ክስ ተነሥቶ ወደ አጣሪ ጉባኤው ሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ2006 ዓ.ም. ድንጋጌው የይግባኝን መብት ስለሚነካ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ምክር ቤቱ ሕግ መጣል አይችልም ማለት ሐሰት ነው ይላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ግን በዚህ ዝም አይልም። የትርጉም መለያየትን የሚፈራ ሰው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አምስት ወይም ከዚያ በላይ ዳኞች ተቀምጠው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በታች ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንደሚያስገድድ ያስብ። ሁለት ዳኞች ቢለያዩ ሰበር ያስታርቃቸዋል። ስለ ቃል ኪዳኑም ቢሆን፤ የአቶ እገሌ ጉዳይ የድንበር ወይም የሥልጣን ክርክር አይደለም፤ የአንድ ሰው እንጀራ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰብ ታዝዟል፤ አባሎቹም በክልል ምክር ቤቶች ወይም በሕዝብ የሚመረጡ የፖለቲካ ሰዎች ናቸው። ካቢኔውን የሚመራው ፓርቲ ክልሎችንም የሚመራ በሆነ ጊዜ፤ ካቢኔው ስላወጣው ደንብ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት የካቢኔው የፓርቲ ባልንጀሮች ይሆናሉ። ዳኛ ሲገኝ ተናገር፤ ወንዝ ሲጎድል ተሻገር ይላል የአገራችን ሰው። አቶ እገሌ ዳኛ አግኝተው ከተናገሩ በኋላ ዳኛው ወደ ሞላ ወንዝ ቢሰዳቸው ምን ይጠቅማቸዋል?

ለዚህም በ1997 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውሳሉ። ከምርጫው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባ ከቤት ውጭ የሚደረግ ስብሰባና ሰልፍን ለአንድ ወር ከለከሉ። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ክልከላውን በመቃወም በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክልከላው የአስፈጻሚ ትእዛዝ እንጂ የፓርላማ ሕግ አልነበረም። ቢሆንም ፍርድ ቤቱ ራሱ አልወሰነም፤ ጥያቄውን ወደ አጣሪ ጉባኤው ላከ። ጉባኤውም የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚያስፈልገው ነገር የለም ብሎ ዘጋው። ክልከላው የአንድ ወር ነበር፤ መዝገብ ደግሞ በቀጠሮ ይሄዳል። ጊዜ ያለው ክልከላ በጉዞ ላይ ሳለ ያልቃል፤ ያለቀ ነገር ደግሞ ለመፍረድ አያመችም።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ወገን የመጨረሻውን መልሱን ያወጣል። ስለ አንቀጽ 84 የአማርኛ ቃል የምትከራከሩት ድሮ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም. የወጣው የአጣሪ ጉባኤው አዋጅ ቁጥር 250፤ ሕግ ማለት አዋጅ ብቻ ሳይሆን ደንብንና መመሪያንም ይጨምራል ብሎ ተርጉሞታል፤ በ2005 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 798ም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል ይላሉ። ይህ መልስ ጠንካራ ነው። ነገር ግን አንድ አዲስ ጥያቄ ይወልዳል። ሕገ መንግሥቱ ለጉባኤው ሕግ አውጪ አካላት የሚያወጡትን ብቻ ሰጥቶት ከሆነ፤ ተራ አዋጅ ተጨማሪ ሊሰጠው ይችላልን? አይችልም የሚል ሰው ቢነሣ፤ አዋጁ ከሕገ መንግሥቱ ይቃረናል ማለቱ ስለ ሆነ፤ ክርክሩ ወደ ማን ይሄዳል? ወደዚያው ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት። ስለ ሥልጣኑ ወሰን የሚፈርደው የሥልጣኑ ባለቤት ይሆናል። በአሜሪካ ስለ ፍርድ ቤቶች ይኸው ወቀሳ ይሰነዘራል፤ በ1803 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርበሪ በማዲሰን ላይ ባቀረበው ክስ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕግ የመሻር ሥልጣንን ያገኘው ራሱ ለራሱ ፈርዶ ነውና። የመጨረሻ ቃል ያለው ማንም ቢሆን ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም።

ከዚህ በኋላ የራሴን አስተያየት ልጨምር። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉት ዳኛው ደንቡን በሕገ መንግሥቱ መዝኖ ይጣለው አይጣለው በሚለው ነው። እኔ ግን ዳኛው ከዚህ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ እላለሁ። ይህም ደንቡ ከወለደው አዋጅ ወሰን ውስጥ ነውን? የሚል ነው። በምሳሌያችን አዋጁ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የሰጠው ሥልጣን የሠራተኞችን አስተዳደር በደንብ የመወሰን ነው። አስተዳደር ማለት ቅጥር፤ ደመወዝ፤ ዕድገት፤ ዝውውር፤ ቅጣትና ስንብት ነው። የፍርድ ቤትን ሥልጣን መቀነስ ግን የሠራተኛ አስተዳደር አይደለም። ፍርድ ቤቶችን የሚያቋቁመውና ሥልጣናቸውን የሚወስነው አዋጅ ነው፤ ደንብ ከአዋጅ በታች ስለ ሆነ ከአዋጅ የተገኘን የፍርድ ቤት ሥልጣን ሊነሣ አይችልም። ዳኛው በዚህ መንገድ ቢሄድ አንቀጽ 37ን መተርጐም ሳያስፈልገው፤ ደንቡ ያልተሰጠውን ወስዷል ብሎ ነገረ ፈጁን ሊመልሰው ይችላል። አቶ እገሌ በዚህ ወዲያው ወደ ሥራቸው አይመለሱም፤ ግን ክሳቸው ይሰማል፤ መሥሪያ ቤቱም ጥርጣሬው ምን እንደ ሆነ ይናገራል።

ይህ የሕጋዊነት ጥያቄ ነው ወይስ የሕገ መንግሥት ጥያቄ የሚለውን ለመለየት ቀላል መፈተኛ አለ። ዳኛው ሕገ መንግሥቱን ሳይገልጥ፤ በአዋጁና በደንቡ ብቻ ፍርዱን ሊጽፈው ከቻለ የራሱ ሥራ ነው፤ አይልከውም። ነገር ግን በሩን የዘጋው ደንቡ ሳይሆን አዋጁ ራሱ ቢሆንስ? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ቃል፤ የተሰናበተ ሠራተኛ በፍርድ ቤት አይመለስም ብሎ ቢደነግግ፤ ዳኛው የሚሸሽበት ታናሽ መንገድ የለውም። ያን ጊዜ መላክ አለበት፤ በዚህ ሁለተኛው ወገን ልክ ነው። ሲልክም መዝገቡን በሙሉ አሸክሞ ሳይሆን፤ ለትርጉም የሚያስፈልገውን አንድ ጥያቄ ብቻ ለይቶ ይላክ፤ መልሱ እስኪመጣም የአቶ እገሌ ወንበር በሌላ ሰው እንዳይያዝ እግድ መስጠት ይችል እንደ ሆነ ይመልከት።

የዚህ መንገድ ጉድለቱም አይሰወር። ዳኞች ሁሉን ነገር ሕጋዊነት ነው እያሉ ከወሰኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን ሥልጣን በጓሮ በር ይበሉታል። ካቢኔውም በበኩሉ ይህን ካየ፤ በር የሚዘጋውን ቃል ከደንብ አውጥቶ ወደ አዋጅ ሊያስገባው ይችላል። ይህ ሁለተኛው ግን እንደ እኔ አስተያየት ጉዳት ብቻ አይደለም። አዋጅ በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ይነበባል፤ ተቃዋሚም ካለ ይናገርበታል፤ ዜጋውም መብቴን ማን ወሰደው ሲል የሚጠይቀውን ሰው ያውቃል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ጨምሬ ላብቃ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183፤ የመሥሪያ ቤቶች መመሪያና አስተዳደራዊ ውሳኔ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ ፈቅዷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚናገረው ስለ መመሪያ እንጂ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለሚያወጣው ደንብ አይደለም። እንግዲህ ያው ባለ ሁለት መስመር ቃል፤ አንድ መሥሪያ ቤት በመመሪያ ቢጽፈው ዳኛ ሊመረምረው ይችላል፤ ካቢኔው በደንብ ቢጽፈው ግን ክርክሩ እንደገና ከላይ ወዳየነው ጭቅጭቅ ይመለሳል። ለአቶ እገሌ ደብዳቤው ያው ነው፤ የተዘጋባቸው በርም ያው ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን አዋጅ የሚያሻሽልበት ጊዜ ቢመጣ፤ ደንብ ከወላጅ አዋጁ ወሰን ሲያልፍ ፍርድ ቤት ሊመረምረው ይችላል የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨምርበት፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን ሥልጣን ሳይነካ የዳኛውን ጥርጣሬ ያቀልለት ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ በችሎት የቆዩ ዳኞችና ጠበቆች ሐሳባቸውን በዚሁ ዓምድ ቢገልጹልን፤ በተለይም የሕጋዊነትና የሕገ መንግሥት ጥያቄ የሚለይበትን ወሰን ከእኔ በተሻለ ቢያሳዩን፤ አንባብያን ሁሉ እንጠቀማለን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ